ጎርፍ ዳቦ ቤቱን ሲዘጋ፦ የሥራ መቋረጥ ካሳ ስሌትና ደብዳቤው

እንደምን አመሻችሁ።

ክረምት በገባ ቁጥር የጎንደር ወንዞች ቀሃና አንገረብ ይሞላሉ፤ ከአቀበቱ የሚወርደው ውኃም ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ መሄጃ አጥቶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ወዳለው ንግድ ቤት ይገባል። ውኃው ከወጣ በኋላ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚቆጥረው የሚታየውን ነው፤ የረጠበውን ዱቄት፣ የተቃጠለውን ሞተር፣ ያበጠውን በር። ይህ የንብረት ካሳ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። የምንነጋገረው ስለማይታየው ጉዳት ነው። በሩ ተዘግቶ በቆየባቸው ሳምንታት ሽያጩ ቀርቷል፣ የቤት ኪራዩና የቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ ግን አልቀረም። ይህን የሚክሰው የሥራ መቋረጥ ዋስትና ነው።

ስሌቱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ውላችሁን አውጥታችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ጎርፍ በስሙ መጠቀሱን ነው። ዋናው የእሳት አደጋ ውል ብቻውን ጎርፍን አይሸፍንም፤ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት በተጨማሪ ሽፋንነት መግባት አለበት፤ በንብረት ውሉም፣ በሥራ መቋረጥ ውሉም። ሁለተኛው፣ ካሳው የሚከፈለው ጎርፉ በእናንተው ግቢ ያለውን ንብረት ጎድቶ፣ የንብረት ካሳ ጥያቄውም ተቀባይነት ሲያገኝ ነው። ጎርፉ የበላው መንገዱን ብቻ ሆኖ ደንበኛ መድረስ ቢያቅተው፣ ወይም የከተማው ውኃ ወይም መብራት ተቋርጦ ሥራ ቢቆም፣ ለዚያ የተለየ ሽፋን ካልተገዛ በቀር ጥያቄው ይወድቃል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። በቀሃ ዳር ያለ ዳቦና ኬክ ቤት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለትምህርት እንዲመቹ የተዘጋጁ ናቸው። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ሐምሌ 20 ሌሊት ጎርፍ ገባ። የምድጃው ማቃጠያና የሊጥ ማቡኪያው ሞተር ተበላሹ፣ መሸጫ ክፍሉም በጭቃ ተሞላ። ምድጃው የተጠገነው ነሐሴ 30 ነው፤ መሸጫ ክፍሉ ታድሶ ሽያጭ ወደ ቀድሞው የተመለሰው ደግሞ መስከረም 19 ካለፈ በኋላ ነው። የካሳ ጊዜ የምንለው እንግዲህ ከሐምሌ 20 እስከ መስከረም 19 ያለው ነው። የካሳ ጊዜ በሩ በተከፈተበት ቀን አያበቃም። ውሉ ከፈቀደው ጣሪያ ሳያልፍ፣ ሽያጩ ከጉዳቱ እስኪያገግም ይቀጥላል። ብዙ ሰው ግን የተዘጋበትን ቀን ብቻ ቆጥሮ ይጠይቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ደንበኛው ተመልሶ እስኪመጣ የጠፋውን ሽያጭ በራሱ እጅ ይተወዋል።

ካሳው የሚሰላው በጠፋው ጠቅላላ ትርፍ ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ጠቅላላ ትርፍ? የሂሳብ ሠራተኛው ለግብር በሚያዘጋጀው መግለጫ ላይ የሚታየው ጠቅላላ ትርፍና ውሉ ውስጥ የተተረጎመው ጠቅላላ ትርፍ አንድ አይደሉም። የዳቦ ቤቱን ዓመታዊ ሂሳብ እንመልከት። ሽያጩ 9,600,000 ብር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው የዱቄት፣ የእርሾ፣ የዘይትና የስኳር ክምችት 400,000፣ በዓመቱ መጨረሻ የቀረው 500,000፣ በዓመቱ የተገዛው ደግሞ 5,740,000 ብር ነው። ስለዚህ ለምርት የዋለው 5,640,000 ብር ይሆናል። የማሸጊያ ወጪ 120,000 ብር ነበር። የሂሳብ ሠራተኛው ከዚህ በተጨማሪ የጋጋሪዎችን ደመወዝ 960,000 እና የመብራትና የማሽን እርጅና ወጪ 480,000 ብር የምርት ወጪ አድርጎ ይቀንሳል። በእሱ መግለጫ ጠቅላላ ትርፉ 2,400,000 ብር፣ ማለትም ከሽያጩ 25 በመቶ ነው።

የእሱ አሠራር ለታለመለት ዓላማ ትክክል ነው። የውሉ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሽያጭ ሲቆም አብሮ የሚቆመው ወጪ የትኛው ነው? ዳቦ ካልተጋገረ ዱቄት አይገዛም፣ ማሸጊያም አያስፈልግም። ጋጋሪው ግን ቋሚ ሠራተኛ ከሆነ ምድጃው ቢቆምም ደመወዙ ይከፈላል። ስለዚህ በውሉ ትርጉም የሚቀነሱት ከሽያጭ ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ፣ ውሉ ላይም በስም የተዘረዘሩ ወጪዎች ብቻ ናቸው። በእኛ ምሳሌ ውሉ የዘረዘረው ጥሬ ዕቃንና ማሸጊያን ነው። ከ9,600,000 ላይ 5,640,000 እና 120,000 ሲቀነስ 3,840,000 ብር ይቀራል። ይህም ከሽያጩ 40 በመቶ ነው።

በ25 እና በ40 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ቦታ ይመታል። በስሌቱ ውስጥ እያንዳንዱ የጠፋ 1,000,000 ብር ሽያጭ 250,000 ወይም 400,000 ብር ካሳ ማለት ነው። ሁለተኛው ምት ከዚህ የባሰ ነው፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ቀጥሎ፣ ጎርፉ ባይመጣ ኖሮ ምን ያህል ይሸጥ ነበር? መነሻው ባለፈው ዓመት በእነዚያው ቀናት የተሸጠው ነው እንጂ የዓመቱ አማካይ አይደለም። ጎንደር ውስጥ የጥር ሽያጭ በጥምቀት እንግዳ ይነሳል፤ ሐምሌ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ 9,600,000ን ለ12 አካፍሎ ማቅረብ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጋበዝ ነው። ዳቦ ቤቱ ባለፈው ዓመት ከሐምሌ 20 እስከ 30 ድረስ 280,000፣ በነሐሴ 720,000፣ ከጳጉሜ 1 እስከ መስከረም 19 ደግሞ 700,000 ብር ሸጦ ነበር። ድምሩ 1,700,000 ብር ነው። ባለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ሆና ዘንድሮ 5 ከሆነች የአንዷን ቀን ሽያጭ ራሳችሁ ቀንሱ፤ ኩባንያው የሚልከው የጉዳት ገማች ሳያገኘው አይቀርምና።

በዚህ ላይ የዕድገት ማስተካከያ ይጨመራል። ውሉ የንግዱን አዝማሚያ ከግምት ለማስገባት ይፈቅዳል፣ ግን በማስረጃ ነው። ማስረጃው ከጎርፉ በፊት የነበሩት ወራት ሽያጭ ከአምናው ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ነው። እዚህ ላይ የጾም ነገር ይገባል። ፍልሰታ በየዓመቱ ነሐሴ 1 ስለምትገባ ሁለቱን ዓመታት እኩል ትነካለች፣ ችግር የለባትም። ዐቢይ ጾምና ፋሲካ ግን ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ሊውል ይችላል። ኬክ የሚሸጥ ቤት ሚያዝያን ለብቻዋ ከአምና ሚያዝያ ጋር ቢያወዳድር ዕድገት የመሰለው የፋሲካ መቀያየር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየካቲት 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን በሙሉ ውሰዱ፤ ጾሙ መቼም ቢገባ፣ ፋሲካ መቼም ቢውል፣ በሁለቱም ዓመታት ውስጥ ይገኛል። ዳቦ ቤቱ በእነዚህ ወራት አምና 4,000,000፣ ዘንድሮ 4,400,000 ብር ሸጧል። ዕድገቱ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው ሽያጭ 1,700,000 ሲደመር 170,000፣ ማለትም 1,870,000 ብር ይሆናል።

ዕድገቱ ከዋጋ ጭማሪ ብቻ የመጣ ከሆነ ተጠንቀቁ። የዱቄት ዋጋም አብሮ ጨምሮ ከሆነ 40 በመቶው ራሱ ሊወርድ ስለሚችል ገማቹ የቅርብ ጊዜ የዱቄት ግዢ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

በትክክል የተሸጠው ስንት ነው? ከሐምሌ 20 እስከ 30 ምንም አልተሸጠም። በነሐሴ አዘዞ ውስጥ የአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ለሌሊት ተከራይቶ 352,000 ብር ተሸጠ። ከጳጉሜ 1 እስከ መስከረም 19 በራሱ ምድጃ እየጋገረ፣ መሸጫ ክፍሉ ስላልደረሰ ፒያሳ አካባቢ ጊዜያዊ መሸጫ ተከራይቶም ጭምር፣ 518,000 ብር ሸጠ። ድምሩ 870,000 ነው። የጎደለው ሽያጭ 1,000,000 ብር፣ የጠፋው ጠቅላላ ትርፍ በ40 በመቶ 400,000 ብር ሆነ። ቫት የሚሰበስብ ቤት ሁሉንም የሽያጭ ቁጥሮች ከቫት በፊት ይውሰድ፤ አምናን ከነቫቱ ዘንድሮን ያለ ቫት ማወዳደር ሳይታሰብ የሚፈጠር፣ ስሌቱን በሙሉ የሚያፈርስ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ተጨማሪ ወጪ እንሂድ። ውሉ የሚከፍለው ሽያጩ የባሰ እንዳይወድቅ ተብሎ የወጣውን፣ ጎርፉ ባይመጣ የማይወጣውን ወጪ ነው። ጣሪያም አለው፤ ወጪው ካዳነው ጠቅላላ ትርፍ አይበልጥም። ለአዘዞው ምድጃ ኪራይ 45,000፣ ዳቦውን ወደ ከተማ ለማመላለስ 24,000፣ ለሌሊት ሥራ ተጨማሪ ክፍያ 15,000፣ በድምሩ 84,000 ብር ወጥቷል። ይህ ወጪ ያዳነው ሽያጭ 352,000 ነው፤ 40 በመቶው 140,800 ብር ይሆናል። 84,000 ከዚያ በታች ስለሆነ በሙሉ ይጠየቃል።

የፒያሳው መሸጫ ግን ወጪውን በሙሉ አይሸከምም። ኪራዩና ማዘጋጃው 60,000 ብር ፈጀ፤ በእሱ በኩል የተሸጠው 110,000 ብር ነው፤ ያዳነውም ትርፍ 44,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው 44,000 ነው፤ 16,000ው በባለቤቷ ላይ ይቀራል። ሁሉንም ወጪ በአንድ ላይ ደምሮ መፈተን ይቻላል የሚል ክርክር አለ፤ እንዲያ ቢደረግ 144,000ው ከ184,800 በታች ስለሆነ ያልፋል። ውሉ በግልጽ ካልፈቀደ ግን በየወጪው ለይቶ ማቅረብ ይሻላል ብለን እናምናለን። ገማቹ አንዱ ወጪ ሌላውን እንደማይሸፍን ካየ የቀረውንም ቁጥር በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። ይህን ለመናገር እንዲያስችላችሁ በጊዜያዊው መሸጫ የተሸጠውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለብቻው መዝግቡ፤ በኋላ መለየት አይቻልም።

ከዚህ ድምር ላይ የተቆጠበው ይቀነሳል። ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ መብራት በ22,000፣ ውኃ በ3,000፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያ በ13,000 ብር ቀንሷል። 38,000 ብር ነው። ይህን ራሳችሁ ካላወጣችሁት ገማቹ ያወጣዋል፤ ያኔ ግን ምን እንደተቀነሰ የሚወስነው እሱ ነው።

ውጤቱ፦ 400,000 ሲደመር 128,000 ሲቀነስ 38,000 ይሆናል 490,000 ብር። አንዳንድ ውል የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ከካሳ ያስቀራል፤ የእኛ ምሳሌ ውል ይህ የለበትም ብለን ወስደናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምት እንምጣ። ውሉ ሲገባ የተጻፈው የመድን መጠን ከዓመታዊው ጠቅላላ ትርፍ ካነሰ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። የዕድገት ማስተካከያውም እዚህ ላይ በእናንተ ላይ ይዞራል። ከጎርፉ በፊት በነበሩት 12 ወራት ሽያጩ ከሂሳብ ዓመቱ ጋር እኩል ነበር ብንል፣ 9,600,000 በ10 በመቶ አድጎ 10,560,000 ይሆናል። የእሱ 40 በመቶ 4,224,000 ብር ነው። ባለቤቷ አረቦኑን ስትከፍል የመድን መጠኑን ከግብር መግለጫው ወስዳ 2,400,000 አስሞልታ ከነበረ፣ ኩባንያው 490,000ን በ2,400,000 አባዝቶ ለ4,224,000 ያካፍላል። የሚደርሳት 278,409 ብር ነው። ከ211,000 ብር በላይ የጠፋው በጎርፉ ቀን ሳይሆን ውሉ በተሞላበት ቀን ነው። ያንን ቅጽ ስትሞሉ የሂሳብ ሠራተኛችሁን የጠቅላላ ትርፍ ቁጥር ብቻ አትጠይቁት። ውሉን አሳዩት፣ የትኛው ወጪ በስም እንደተዘረዘረ አብራችሁ ተመልከቱ፣ የሚመጣውን ዓመት ዕድገትም ጨምሩበት።

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስሌቱና ማስረጃው በአባሪ ይያያዛሉ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን፦ ________
ለ ________ ኢንሹራንስ፣ ጎንደር ቅርንጫፍ
ለካሳ ክፍል

ጉዳዩ፦ በጎርፍ ምክንያት ለተቋረጠ ሥራ የቀረበ የካሳ ጥያቄ፤ የውል ቁጥር ________

ሐምሌ 20 ሌሊት በደረሰው ጎርፍ በቀሃ ወንዝ ዳር የሚገኘው ዳቦ ቤታችን ምድጃ፣ የሊጥ ማቡኪያና መሸጫ ክፍል መጎዳታቸውን ሐምሌ 21 በጽሑፍ ማሳወቃችን ይታወሳል። የንብረት ካሳ ጥያቄያችን በቁጥር ________ ቀርቦ ተቀባይነት አግኝቷል።

በዚሁ ጉዳት ምክንያት ከሐምሌ 20 እስከ መስከረም 19 ሽያጫችን ከሚጠበቀው 1,870,000 ብር ወደ 870,000 ብር ወርዷል። በውሉ ትርጉም የጠቅላላ ትርፍ ምጣኔያችን 40 በመቶ ስለሆነ የጠፋው ጠቅላላ ትርፍ 400,000 ብር ነው። ሽያጩ ይበልጥ እንዳይቀንስ ያወጣነው ተጨማሪ ወጪ በውሉ ጣሪያ መሠረት 128,000 ብር ሲሆን፣ በዚሁ ጊዜ የተቆጠበው ወጪ 38,000 ብር ነው።

ስለዚህ የተጣራ 490,000 ብር ካሳ እንዲከፈለን እንጠይቃለን። ስሌቱ በአባሪ 1፣ ማስረጃዎቹ ከአባሪ 2 እስከ 6 ተያይዘዋል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ክርክር ባልተነሳበት መጠን ላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዲፈጸምልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ፊርማና ማኅተም ________

የመድን መጠኑ እንደሚያንስ ካወቃችሁም ደብዳቤው ላይ የምትጽፉት ሙሉውን 490,000 ነው፤ ቅነሳውን የሚያሰላው ኩባንያው ነው፣ እናንተም ስሌቱን ትመረምራላችሁ። በተረፈ ዱቄቱና ሞተሩ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይገቡም። አንድን ጉዳት በሁለት ደብዳቤ መጠየቅ ሳይታሰብም ቢሆን እንደ ማጭበርበር ሊታይ ይችላል።

በማስረጃ ረገድ ሁለት ነገር ብዙ ጥያቄዎችን ይጥላል። አንደኛው፣ መዝገቡ ራሱ በጎርፍ መጥፋቱ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው የዜድ ሪፖርት ከረጠበ የባንክ መግለጫ፣ ለገቢዎች የቀረበ የግብር ማስታወቂያ ቅጂ፣ ከዱቄት አቅራቢው የሚገኝ የሽያጭ ደረሰኝ ቅጂና ለሆቴሎች በየቀኑ ዳቦ ካቀረባችሁ የእነሱ የመረከቢያ መዝገብ ሊተኩት ይችላሉ። በተለይ የዱቄት ግዢው መጠን ዋጋ አለው፤ ከስንት ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ እንደሚወጣ ገማቹ ማስላት ስለሚችል የጠፋውን የሽያጭ ወረቀት በዱቄቱ በኩል ማመሳከር ይቻላል። ሁለተኛው፣ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ሽያጭ ነው። ለገቢዎች ያልተነገረን ሽያጭ ለኢንሹራንሱ ማሳየት አይቻልም፤ ካሳው የሚሰላው በተመዘገበው ላይ ብቻ ነው።

ጊዜውም አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ማሳወቂያ ስሌት አያስፈልገውም፤ ጎርፍ ገብቷል፣ ሥራ ቆሟል፣ ግምቱ ይከተላል የሚል አንድ ገጽ በማግስቱ ይግባ፣ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ እንዲፈርምበትም ጠይቁ። ጭቃው ከመጠረጉ በፊት ውኃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከቀበሌም ጎርፉ መድረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ። ጥገናውን ደግሞ አታዘግዩ። ማቃጠያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የተጠበቀው ጊዜ የጉዳቱ ውጤት ነው፤ ማቃጠያው ደርሶ የሚገጥመው ባለሙያ ሳይጠራ የቀረበትን ሦስት ሳምንት ግን ኩባንያው ከካሳ ጊዜው ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ የዕቃው ትዕዛዝ የተሰጠበት፣ ዕቃው የደረሰበትና ባለሙያው የተጠራበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ አባሪ 6 የሚሆነው ይህ የቀን መዝገብ ነው።